100^n/n! ወደ ዜሮ የሚወርደው ከየት ጀምሮ ነው?

«ፋክቶሪያል ከኤክስፖኔንሻል፣ ኤክስፖኔንሻልም ከፖሊኖሚያል ይፈጥናል» የሚለው ደንብ በተማሪዎች የመልስ ወረቀት ላይ እንደ ማረጋገጫ ይጻፋል። ደንቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ራሱ ማረጋገጫ የሚሻ ነው፤ ፈጣኑ ከየት ጀምሮ እንደሚቀድምም አይናገርም።

ለዚህ 100^n/n! ጥሩ ምስክር ነው። ሊሚቱ ዜሮ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን 50 አባላት ያሰላ ሰው ቁጥሩ ያለማቋረጥ ሲያድግ ብቻ ያያል። ኮምፒውተርም አይታደገውም፤ ላዕሉና ታሕቱ በተለመደው ባለ64 ቢት የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት ለየብቻ ከተሰሉ፣ ላዕሉ በ n=155 ከማሽኑ አቅም ያልፋል፤ ውጤቱም «ኢንፊኒቲ» ተብሎ ይወጣል። ታሕቱ በ n=171 ሲከተለው ደግሞ መልሱ ትርጉም ያጣል።

ነገሩን የሚፈታው የአንዱ አባል ለቀዳሚው ያለው ጥምርታ ነው። a_(n+1)/a_n = 100/(n+1) ስለሆነ እድገቱ የሚቆመው n=99 ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አባሉ ወደ 10^42 ይጠጋል። ከ n=200 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ አባል ከቀዳሚው ግማሽ አይበልጥም፤ ማረጋገጫውም በዚህ ያበቃል። አባሉ ከ1 በታች የሚወርደው n=269 ሲደርስ ነው። በ n^5/2^n ላይም መንገዱ ያው ነው፤ ጥምርታው (1+1/n)^5/2 ወደ ግማሽ ይቀርባል።

ስለዚህ ፈተና አውጪዎች ከሊሚቱ ጋር ጥምርታው ከ1 የሚያንስበትን n አብረው ሊጠይቁ ይገባል፤ ደንቡን በቃሉ የያዘ ተማሪ ይህን ሳያሰላ ሊመልስ አይችልም።