ጠጉራችን ለፈተና ሲቀርብ

የምረቃው ወራት ሲቃረብ በግቢያችን ሁለት ዓይነት ወረፋ ይታያል። አንደኛው የሥራ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ነው፤ ሁለተኛው በጠጉር አስተካካዩ ደጃፍ ነው። ስለ መጀመሪያው ወረፋ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ስለ ሁለተኛው ጥቂት መናገር እንወዳለን፤ ከፈተና በፊት በጥድፊያ የተቆረጠ ጠጉር ከፈተና በኋላ በጥድፊያ አይበቅልምና።

እንደሚታወቀው ሁሉ ምሩቁ የሚቀርብባቸው መሥሪያ ቤቶች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስና የሒሳብ ምርመራ ቢሮ የማያውቁት ሰው ገንዘቡን አምኖ የሚሰጣቸው ናቸውና ደንበኛውን የሚያጠራጥር ነገር በሠራተኛቸው ላይ እንዲታይ አይፈልጉም። የማስታወቂያ ድርጅት፣ የሥዕልና የፊልም ስቱዲዮ ግን የሚሸጡት የዓይንን ፍርድ ስለ ሆነ የአመልካቹን መልክ እንኳ እንደ ሥራው ናሙና ይመለከቱታል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን፣ ባንኩ ጠጉር ይጠላል፣ ስቱዲዮው ደግሞ የተንጨፈረረ ይወዳል ብለን እናስባለን። ይህ ስሕተት ነው። በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ የሚታየው የጠጉሩ ርዝመት ሳይሆን ጠርዙ ነው፤ ይኸውም ማጅራቱ፣ የጆሮው ዙሪያና የጢሙ ወሰን ነው። ጠርዙ የተስተካከለ ጢም የታሰበበት ይመስላል፤ ጠርዝ የሌለው ግን የተረሳ ይመስላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ምሩቅ ማክሰኞ በባንክ፣ ዓርብ በማስታወቂያ ድርጅት ለቃል ፈተና ተጠርቷል እንበል። ጎፈሬው ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጢሙም የአንድ ወር ነው። በመጀመሪያ ከፈተናው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ጎራ ይበልና በመስኮቱ የተቀመጡትን ልጆች ይመልከት። የሥራ አስኪያጁን ጢም አይመልከት፤ እርሱ ካደገ በኋላ ያሳደገው ሊሆን ይችላል። መመልከት የሚገባው አዲስ የተቀጠሩትን ነው፤ ያልተጻፈው ደንብ በእነርሱ ፊት ላይ ተጽፏልና።

ቀጥሎ፣ በማክሰኞና በዓርብ መካከል ያሉት ቀኖች ጠጉር ለማሳጠር እንጂ ለማሳደግ የማይበቁ መሆናቸውን ያስብ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ጎፈሬውን ሳያጠፋ ዙሪያውን ያስተካክል፤ ጢሙንም በማሽን ቁጥር 2 ያሳጥር፤ ይህም ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል። ከማንቁርቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወሰን ያብጅለትና ከዚያ በታች ያለውን ያንሣ። ቅዳሜ የተባለበት ምክንያት አስተካካዩ ቢሳሳት ለማረም ጊዜ እንዲኖር ነው፤ ሰኞ ማታ ጠርዙን ብቻ መነካካት ይበቃል። ማክሰኞ ጎፈሬውን በእጁ ተጫን አድርጎ ወደ ባንኩ ይሂድ፤ ዓርብ በሚዶ አንሥቶ ወደ ድርጅቱ ይሂድ። አንድ ጠጉር ሁለት ፈተና ተፈተነ ማለት ነው።

ባንኩ ጢም ፈጽሞ የማይወድ መስሎ ከታየውና መላጨት ከቈረጠ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። የእኛ ጠጉር ጥቅልል ስለ ሆነ በምላጭ ከሥሩ ሲቆረጥ የሾለው ጫፍ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አገጭና አንገት በሽፍታ ይሞላሉ። ሽፍታው እስኪጠፋ ሳምንት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በፈተናው ዋዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላጭ መያዝ አይገባም። በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ማስቀረት፣ ምላጭ ግድ ከሆነም ቆዳውን ሳይወጥሩ ጠጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ መላጨት ይሻላል።

ለእህቶቻችንም ሕጉ ያው ነው፤ አስቀድሞ የሚመለሰውን ከማይመለሰው መለየት ነው። በፓይስትራ የተዘረጋ ጠጉር አዘውትሮ በሙቀት ካልተጎዳ በስተቀር ሲታጠብ ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል፤ በመድኃኒት የተዘረጋው ግን አዲስ እስኪበቅል ድረስ አይመለስም፤ የራስ ቆዳንም ሊያቃጥል ይችላል። ሹሩባ የምትሠራም ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ትሠራ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ተወጥሮ እንቅልፍ ይነሣልና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብልኃት ነው። ነገር ግን ብልኃት የማይደርስበት ቦታ አለ። ከእኛ መካከል አንዱ አራት ዓመት ያሳደገውን ድሬድ ለአንድ መሥሪያ ቤት ፈተና ሲል ቆረጠው። ሦስት ጥያቄ ጠይቀው አሰናበቱት፤ ከዚያ በኋላም አልጠሩትም። የራስ ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ እንግዲህ ያንን ለመመለስ ሌላ አራት ዓመት ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ማስታወቂያቸው ስለ ጠጉር አንዲት ቃል አልነበረችበትም። ወደ ኋላ አስሮ ቢቀርብ ይበቃ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ዛሬም አያውቅም።

ስለ ሐዘንተኛውም እናስብ። በአገራችን ወላጁ የሞተበት ሰው ጢሙን አይላጭም። ይህን ፈታኞቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ፊት አይቶ ሐዘንን ከስንፍና መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለው ወንድማችን ሲገባ «ሐዘን ላይ ነኝ» ብሎ ባንዲት ቃል ቢያስታውቅ ነውር የለበትም። ስለ ሃይማኖቱ ጢም የሚያሳድገው ደግሞ ከቶ በአስተካካይ ወንበር የሚፈታ ጉዳይ የለውም።

ይህን ስንል መሥሪያ ቤቶች ደንብ አይኑራቸው ማለታችን አይደለም። መርዛም ጋዝ ባለበት ቦታ የሚሠራ ሰው ጢም ካለው የመከላከያው ጭምብል ከፊቱ አይገጥምም፤ የምግብ ፋብሪካም ጠጉር ይሸፈን ቢል እውነት አለው። እነዚህ ምክንያት ያላቸው ደንቦች ናቸው። ሌላው ግን ልማድ ነው፤ ልማድም ይለወጣል። ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ለብዙ ዘመን ሾፌሮቹን ጢም ከልክሎ ኖሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ጢሙንም ድሬዱንም ፈቀደ። ዕቃውም እንደ ወትሮው ይደርሳል።

የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ጠጉርን ግን በስም አያነሣም። ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ምሩቅ ፍለጋ ወደ ግቢያችን የሚመጣ መሥሪያ ቤት የጠጉርና የጢም ደንብ ካለው፣ የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ልምዱን በሚጽፍበት ማስታወቂያ ላይ ይጻፈው። የተማሪዎች ማኅበራችንም ማስታወቂያውን በሰሌዳው ከመለጠፉ በፊት ይህን ይጠይቅልን። ደንቡ ከተጻፈ፣ የፈለገ ይቆርጣል፤ ያልፈለገ ወደ ሌላ ይሄዳል። ካልተጻፈ ግን ፈታኞች ሆይ፣ ከአንገት በላይ ያለውን ስትመረምሩ ከጠጉሩ በታች ያለውን ጠይቁልን።