ጆይስቲኩ አልሞተም፤ ሜኑው ነው የሞተው

ሰሞኑን ሦስት ሆነን አንድ ጌም ስንሞክር አመሸን። «በጣትም በጆይስቲክም ይሠራል» ተብሎ የተለቀቀ ነው። ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አቁመን፣ ጆይስቲኩን በብሉቱዝ አገናኝተን ሜኑውን እየጎበኘን ሳለ አንዳችን ስክሪኑ ላይ ያረፈውን አቧራ በጣቷ ጠረግ አደረገች። አለቀ። ከዚያ በኋላ ብንጫን የሚሰማን ጠፋ። ባትሪውን ጠረጠርን፤ ብሉቱዙን አጥፍተን አበራን። በመጨረሻ «ቀጥል» የሚለውን በጣት ነክተን ጨዋታው ሲከፈት፣ ያ «የሞተ» ጆይስቲክ ምንም እንዳልሆነ ሰው መሮጥ ጀመረ።

ለመሆኑ አንዲት ጠረጋ ይህን ሁሉ እንዴት አመጣች? ፕሮግራም የሚጽፍ ጓደኛችን ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ጣት ያየውን ይነካል፤ «አሁን የት ነኝ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። ጆይስቲክ ግን «ወደ ታች» ሲባል ከየት ወደ ታች እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ተመርጦ፣ ደምቆ መቆም አለበት። ባለሙያዎቹ ፎከስ ይሉታል። ብዙ ጌም የሚሠራበት ዩኒቲ ይህን ምርጫ `currentSelectedGameObject` በሚባል ስም ይይዘዋል። ባዶ ቦታ ሲነካ ግን፣ ሠሪው ካልለወጠው በቀር፣ ምርጫው ተሰርዞ `null` ይሆናል። መነሻ የሌለው ጆይስቲክ ወዴት ይሂድ? ጓደኛችን ሦስት ቁልፍ ያላት ሜኑ ሠርቶ ያንኑ በሽታ ዓይናችን እያየ አመጣልን።

መድኃኒቱም ረጅም አይደለም። መጨረሻ ላይ የተመረጠውን ቁልፍ ማስታወስና ጆይስቲኩ እንደገና ሲነካ እሱን መመለስ ነው፦

```csharp
if (es.currentSelectedGameObject == null)
    es.SetSelectedGameObject(lastSelected);
```

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። ያ ቁልፍ የነበረበት መስኮት ተዘግቶ ከሆነ አሁን የተከፈተው ገጽ የመጀመሪያ ቁልፍ ይመረጥ። ደግሞም ያቺ የመጀመሪያዋ ንክኪ ምርጫውን ታሳይ እንጂ ምንም አትፈጽም። አለበለዚያ ሰው «የት ነኝ?» ብሎ ሲጫን ሳያስበው «አጥፋ» የሚለውን ያጸድቃል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በአናሎግ የሚነዳ ቀስት አድርጉበትና ተገላገሉ» የሚሉን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዴስቲኒ በዚህ ቀስት ስም አትርፏል፤ አንክድም። ነገር ግን የዴስቲኒ ቀስት ቁልፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚህም ለእጅ ይገራል። ብዙ ትናንሽ ሳጥኖች በተደረደሩበት ገጽም ያዋጣል። የእኛዎቹ ተከታዮች ቀስቱን ወስደው መግራቱን ረሱት። አምስት መስመር ባላት ሜኑ ላይ በአንድ ጫና የሚደረስበትን ቁልፍ ቀስት እየነዱ ማሳደድ መገላገል አይደለም፤ የራስን ሥራ ለተጫዋቹ ማሸከም ነው።

የባሰውን ያየነው ግን ሱቁ ገጽ ላይ ነው። በጆይስቲክ ሰይፉ ላይ ስንቆም ዋጋውና ጉልበቱ በጎን ይነበባል፤ ስንጫን እንገዛለን። በጣት ስንመጣ ግን መቆም የሚባል ነገር የለም። ጣት ወይ ነክቷል ወይ አልነካም። ስለዚህ ለማንበብ የነካነውን ገዛነው! እኛ እንዲህ እንላለን፦ መዘዝ ባለበት ቦታ የመጀመሪያው ንክኪ ይምረጥና ማብራሪያውን ያሳይ፤ መግዣው ለብቻው ቁልፍ ይኑረው። ያኔ ንክኪው ፎከሱን ስለሚያዛውረው ጆይስቲኩም ከዚያው ይቀጥላል። ሁለቱ እጆች አንድ ምርጫ ይጋራሉ ማለት ነው።

ሁለት ሜኑ ይሠራ የሚሉትም አልጠፉም፤ አንዱ ለጣት፣ አንዱ ለጆይስቲክ። ሁለት ሜኑ የሠራ ሰው ግን አንዱን ያድስና ሌላውን ይረሳል። በሁለቱም በኩል አንዱን መንገድ ብቻ ማመን አይቻልም። የኒንቴንዶ ስዊች ስክሪን በእጅ ሲያዝ ይነካል፤ መሣሪያው ለቴሌቪዥን ማቆሚያው ውስጥ ሲገባ ግን አይነካም። በጣት ብቻ የሚከፈት አንድ ቅንብር ካለ ሳሎን የተቀመጠው ሰው አይደርስበትም። በተቃራኒው «ለመመለስ B» ብሎ የሚጽፍ ሜኑ ጆይስቲክ የሌለውን ሰው ቆልፎበታል። ያ ጽሑፍ ራሱ የሚነካ ቁልፍ ይሁን፤ ወርዱና ቁመቱም አንድሮይድ ከሚመክረው 48dp፣ ማለትም ከ9 ሚሊሜትር ገደማ፣ አይነስ።

ጌም ሠሪዎች ሆይ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ስክሪኑን ሳትነኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሂዱ፤ ከዚያ ጆይስቲኩን አጥፍታችሁ ድገሙት። አንድ መስኮት ክፈቱና ዝጉ፤ ምርጫው ወደ ከፈተው ቁልፍ ካልተመለሰ ገና ነው። በመጨረሻ ባዶ ቦታ ንኩና ጆይስቲኩን ተጫኑ። በአንድ ጫና የት እንዳላችሁ ካላሳያችሁ፣ «በሁለቱም ይሠራል» የምትለውን ማስታወቂያ አውርዱልን። እኛ ስክሪን መጥረጋችንን አንተውም።