የርዕስ ፊደል ውፍረት በዓይን ይለካ

ለጋዜጣ ርዕስ የሚሆን ደማቅ ፎንት ሲሠራ የፊደላቱን እግር ሁሉ በቁጥር እኩል ማድረግ ስህተት ነው እላለሁ። «በ»ን እንውሰድ፦ ሁለት እግሮቿ እያንዳንዳቸው 180 አሃድ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ 200 ቢሆን፣ ከ560 ስፋት ውስጥ 64 በመቶው ጥቁር ነው። «ሐ» ግን ሦስት እግር አላት። 780 ስፋት ሰጥተን እግሮቿን በ180 ብንተዋቸው ጥቁሩ 69 በመቶ ይደርሳል፤ ቃሉ መሐል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያረፈ ይመስላል። እግሮቿን ወደ 160 ብናቀጥናቸው ጥቁሩ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል፣ ዓይንም ሁለቱን ፊደላት እኩል አድርጎ ያነባቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ተለያይቶ እይታው መስማማት አለበት። ከዚህ የሚከፋው ቀጭኑን ፎንት በኮምፒውተር ትእዛዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ማወፈር ነው። የኃምሱ ቀለበት ቀዳዳ ይደፈንና «ሴ» ከ«ሲ» የማይለይ ይሆናል፤ «ሴት» የሚለውን ርዕስ አንባቢ ቆም ብሎ መገመት ሊኖርበት ነው። የብራና ጸሐፊዎች የመቃ ብዕር ቁሙን ሰረዝ አወፍሮ አግድሙን ያቀጥን ነበር። ደማቁ ፎንትም ክብደቱን እግሮቹ ላይ አድርጎ አግድሞቹን ቀጭን፣ ቀለበቱንም ሰፋ አድርጎ ይተው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «ሴት»፣ «በሐሳብ» እና «ጠጠር» በአንድ መስመር ታትመው ወረቀቱ ይዘቅዘቅና ዓይን ጨፈን ተደርጎ ይታይ። አንዱ ፊደል ቀድሞ ከጠቆረ እሱ ገና አላለቀም።