ባዶ ይተው ወይስ N/A ይጻፍ? ባዶ ሳጥን ማመልከቻ ያስመልስ የነበረበት ጊዜ ምን ያስተምረናል

ፎርም ስንሞላ የማይመለከተን ጥያቄ ይመጣል። ባዶ እንለፈው ወይስ N/A እንጻፍበት? ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ በስልኩ ዲቪ የሚሞላውም፣ አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት የሚጠይቀውም እዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል። መልሱን ለማግኘት አንድ እውነተኛ ታሪክ እንይ። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ምን ተፈጠረ?

በ2019 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የጥገኝነት ማመልከቻ የሆነውን I-589 ፎርም በአዲስ መንገድ ማየት ጀመረ። አንድ ሳጥን እንኳን ባዶ ከተገኘ ፎርሙ ሳይመረመር በፖስታ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ የወንጀል ተጎጂዎች ለሚጠይቁት ቪዛ የሚሞላው I-918 ላይም ይኸው አሠራር መጣ።

የፎርሙ መመሪያ ድሮም ቢሆን "የማይመለከታችሁን ወይም የማታውቁትን ጥያቄ none፣ not applicable ወይም unknown ብላችሁ መልሱ" ይል ነበር። ግን ከዚያ በፊት ዋናው መረጃ እስካለ ድረስ ለአንድ ባዶ ሳጥን ተብሎ ፎርም አይመለስም ነበር። የተቀየረው አሠራሩ ነው።

የተመለሱትን ስታዩ ነገሩ ይገርማል። I-589 ላይ የወንድምና የእህት ስም የሚጻፍበት አራት መስመር አለ። ሦስት ወንድምና እህት ያለው ሰው ሦስቱን ሞልቶ አራተኛውን ባዶ ቢተወው ማመልከቻው ይመለስ ነበር። የመካከለኛ ስም የሌለው ሰው ሳጥኑን ባዶ በመተዉም ተመልሶበታል።

🔹 መመለስ ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ቀኑ ነው። በአሜሪካ ሕግ ጥገኝነት የሚጠየቀው አገሪቱ ከገቡበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። የተመለሰ ፎርም ደግሞ እንደገባ አይቆጠርም።

በምሳሌ እንየው፤ ሰውዬው ምናባዊ ነው። የደብረ ወርቅ ልጅ ጥር 15 ቀን 2019 አሜሪካ ገባ እንበል። ማስረጃ አሰባስቦ፣ አስተርጓሚ ፈልጎ፣ ፎርሙን ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 በፖስታ ላከ። የቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ከምናምን ቀርቶታል። መሥሪያ ቤቱ የአራተኛውን ወንድም መስመር ባዶ አገኘና መለሰው። ፖስታው ጥር 25 ቀን 2020 እጁ ገባ። በዚህ ጊዜ ዓመቱ አልፏል።

ሕጉ በር አልዘጋም። በጊዜው ገብቶ ለማስተካከያ የተመለሰ ማመልከቻ ቶሎ ተስተካክሎ ከገባ እንደ ልዩ ሁኔታ ሊታይለት ይችላል። ግን ያንን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው፤ የተመለሰበትን ደብዳቤና ፖስታውን ካልያዘ ደግሞ ይከብደዋል። የሥራ ፈቃዱም ይዘገያል። በወቅቱ ደንብ የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ የጥገኝነት ማመልከቻው ከገባ 150 ቀን መቆጠር ነበረበት። ፎርሙ ከተመለሰ ቆጠራው አይጀምርም።

🔹 እንዴት ቆመ?

በኅዳር 2020 ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት "ቫንጋላ" በሚል ስም የሚታወቀው ክስ ተመሠረተ። መሥሪያ ቤቱ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2020 ጀምሮ አሠራሩን አቆመ፤ በ2021 ደግሞ ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። በባዶ ሳጥን ምክንያት ለተመለሰባቸው ሰዎች ድጋሚ ሲያስገቡ መጀመሪያ ያስገቡበት ቀን እንዲያዝላቸው ተደረገ።

ታዲያ አሁን ባዶ መተው ይቻላል ማለት ነው? አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2021 ሲያሳውቅ፣ ፎርሙን ለመቀበል መሟላት ያለባቸው ቦታዎች ባዶ ከሆኑ አሁንም ሊመልስ እንደሚችል፣ የጎደለ መረጃ ካለም ጉዳዩ ሊጓተት እንደሚችል ተናግሯል። ፊርማ የሌለው ፎርም ዛሬም ይመለሳል።

🔹 ባዶ፣ N/A፣ None እና Unknown አንድ አይደሉም

የዚህ ታሪክ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ "ዝም አይነቅዝም" ይባላል፤ ፎርም ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ባዶ ሳጥን ያየ ሠራተኛ ረስታችሁት ይሁን ደብቃችሁት ይሁን ወይም አይመለከታችሁ አያውቅም። ሦስቱ ቃላት የሚለዩት ይሄንን ነው።

N/A ማለት ጥያቄው ራሱ አይመለከተኝም ማለት ነው። አግብቶ የማያውቅ ሰው "የትዳር ጓደኛዎ የት ተወለዱ?" ቢባል መልሱ N/A ነው።

None ማለት ጥያቄው ይመለከተኛል፣ ቁጥሩ ግን ዜሮ ነው ማለት ነው። "ሌላ የተጠቀሙበት ስም አለ?" ለሚለው፣ ከሌለ None።

Unknown ማለት መልሱ አለ፣ እኔ ግን አላውቀውም ማለት ነው። በግጭቱ ምክንያት ከቤት የወጣ ወንድማችሁ አሁን የት እንዳለ ካላወቃችሁ የሚጻፈው ይሄ ነው። እዚያ ላይ N/A ብትጽፉ ወንድም የለኝም ያላችሁ ሊመስል ይችላል። በኋላ በቃለ መጠይቅ ስለ ወንድማችሁ ስታወሩ "ፎርሙ ላይ ለምን አልነበረም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል።

I-589 መጨረሻው ላይ ስማችሁን በራሳችሁ ፊደል እንድትጽፉ ይጠይቃል። ይሄ ለእኛ N/A የሚባልበት አይደለም፤ በግዕዝ ፊደል ስማችሁን ጻፉ።

🔹 ኦንላይን ፎርም ላይስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በወረቀት ያዳነን N/A ኦንላይን የስም ሳጥን ውስጥ ከገባ ስማችሁ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ዲቪ ላይ የመካከለኛ ስም ለሌለው የሚደረግ ምልክት ከሳጥኑ አጠገብ አለ፤ እሱን ምረጡ እንጂ N/A አትጻፉ። የቪዛ ፎርሞች ላይ ደግሞ Does Not Apply የሚል ምርጫ ታያላችሁ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ የቱ በየትኛው ሳጥን ይግባ የሚለው ያወዛግባል። መልሱ ፓስፖርት ካላችሁ ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው መሠረት መሙላት ነው።

ዲቪ ላይ ባዶ መተው በጣም የሚጎዳው ግን የቤተሰብ ክፍሉ ነው። ሕጋዊ የትዳር ጓደኛንና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችን በሙሉ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ አብረዋችሁ ባይኖሩም፣ አብረው ባይሄዱም። አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። "ብቻዬን ስለምሄድ ምን ያደርጋል" ብሎ የዘለለ ሰው ዕጣ ወጥቶለት እንኳን ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ማሽኑ ፎርሙን ተቀብሎ ቁጥር ስለሚሰጣችሁ ስህተቱ በዚያ ቀን አይታይም፤ የሚታየው ከወራት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው።

✅ ስለዚህ ሌላ ሰው ቢሞላላችሁም ከመላካችሁ በፊት ፎርሙን ራሳችሁ ከላይ እስከ ታች እዩት። ባዶ ሳጥን ባያችሁ ቁጥር "አይመለከተኝም፣ የለኝም ወይስ አላውቀውም?" በሉ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከለያችሁ በኋላ የዚያ ፎርም መመሪያ ያንን እንዴት ጻፉ እንደሚል ተመልከቱ። የወረቀት ፎርም ከሆነ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ፖስታ የገባበትን ደረሰኝም አስቀምጡ። ፎርሙ ቢመለስ መጀመሪያ መቼ እንደላካችሁት የሚያሳየው እሱ ነው።