በረራውን የቀየረው ማን ነው?

«ውድ ደንበኛችን፣ ስላጋጠመዎት መጉላላት ከልብ እናዝናለን። ሆኖም የገዙት ቲኬት ገንዘቡ የማይመለስበት ዓይነት በመሆኑ፣ በውል ሁኔታዎቻችን መሠረት ጥያቄዎን ለመቀበል የማንችል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» ከዋሽንግተን ደለስ ተነስታ በአንድ የአውሮፓ ከተማ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ቲኬት የቆረጠች ዘመዴ ከአየር መንገዱ የደረሳት መልስ ይህ ነው። ደብዳቤው ጨዋ ነው፣ አቋሙም ግልጽ ነው። ግን የተጠየቀውን መልሷል?

ቲኬቱን በ1,480 ዶላር የገዛችው ለእህቷ ሠርግ ነበር። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ቀየረ፤ አዲስ አበባ የምትደርስበትም ሰዓት በ14 ሰዓት ዘገየ። በዚያ በረራ ብትሄድ ሠርጉ ያመልጣታል። አዲሱን በረራ አልቀበልም ብላ በሌላ አየር መንገድ ሄደች፣ የከፈለችውም እንዲመለስላት ጠየቀች። ታዲያ ደብዳቤው ስለ ማን ነው የሚያወራው? ሐሳቧን ስለቀየረች ተሳፋሪ ነው ወይስ በረራውን ስለቀየረ አየር መንገድ?

ገንዘብ አይመለስም የሚለው አንቀጽ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ርካሽ ቲኬት የሚገዛ ሰው በዋጋው ልክ ነፃነቱን ይቀንሳል። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ ቲኬቱ ጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ከተገዛ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያለ ቅጣት መሰረዝ ወይም ሳይከፍሉ ማስያዝ እንዲቻል አየር መንገዱ ከሁለቱ አንዱን መፍቀድ አለበት። ያ ካለፈ በኋላ ዘመዴ በራሷ ፈቃድ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ልክ ነበር፣ እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ግን ቀያሪው ኩባንያው ሲሆንስ? የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በዚህ ላይ አያሻማም። በ2020 በኮሮና ጊዜ በረራዎች በጅምላ ሲሰረዙ የተሳፋሪው ገንዘብ መመለስ እንዳለበት ለአየር መንገዶች አስታውሷቸዋል። በ2024 ያወጣው ደንብ ደግሞ ልኩን በቁጥር አስቀመጠ፦ በዓለም አቀፍ ጉዞ በረራው ከተባለው ሰዓት 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከተነሳ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ፣ ተሳፋሪውም አዲሱን ካልተቀበለ፣ ቲኬቱ «የማይመለስ» ቢባልም ገንዘቡ ይመለሳል። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ በ7 የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ ለተከፈለ በ20 ቀናት ውስጥ። የውጭ አገር አየር መንገድ መሆንም ከዚህ አያስመልጥም። 14 ሰዓት ከ6 አይበልጥም? አምስት ሰዓት ብቻ ዘግይቶ ቢሆን ይህን ደንብ መጥቀስ አትችልም ነበር፤ እሷ ግን ያንን አልጠየቀችም።

ደብዳቤው ይቀጥላል፦ «ለመልካም ግንኙነታችን ስንል ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ቫውቸር አዘጋጅተናል።» ያለበትን ዕዳ እንደ ስጦታ ማቅረብ ምን የሚሉት መልካም ግንኙነት ነው? ቫውቸር ማቅረብ አልተከለከለም። ነገር ግን ጥሬ ገንዘቡ መብቷ መሆኑን መንገር ግዴታ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው የትኛውም መስመር ላይ የለም። «ተቀብያለሁ» የሚለውን አንዴ ብትጫን ገንዘቡን የመጠየቅ መብቷ አብሮ ይሄዳል። ይህንን ከእሷ መደበቅ ለማን ይጠቅማል?

«በውል ሁኔታዎቻችን መሠረት» ሲል የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ለምን አልጠቀሰም? የብዙ አየር መንገዶች የማጓጓዣ ውል ተሳፋሪው በፈቃዱ ሲቀርና አየር መንገዱ ሲያስቀረው የሚኖረውን ተመላሽ ለይቶ ያስቀምጣል። ደብዳቤውን የጻፈው ክፍል የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ለምን ዘለለው?

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ቲኬት በአብዛኛው የሚቆረጠው በጉዞ ወኪል በኩል ስለሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው? አየር መንገዱ ወደ ወኪሉ፣ ወኪሉ ወደ አየር መንገዱ ሲገፋፉ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። መልሱ ያለው በካርዱ የሂሳብ መግለጫ ላይ ነው። ክፍያውን የተቀበለው ሆኖ ስሙ የተጻፈው ወገን ይመልሳል። በዘመዴ መግለጫ ላይ ያለው የአየር መንገዱ ስም ስለነበር ሊገፋት የሚችልበት ሌላ በር አልነበረም።

አሁን ቅሬታዋን በጽሑፍ አስገብታለች። አየር መንገዱ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ፍሬ ያለው መልስ መስጠት አለበት። ያን መልስ የሚጽፈው ሰው ከመጻፉ በፊት የቲኬቷን መዝገብ ይከፍት ይሆን? በረራው መቼና በማን እንደተቀየረ እዚያው ተመዝግቧል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ከፍቶት ከነበረ ለምን ዝም አለ? ካልከፈተውስ ጥያቄዋን ውድቅ ያደረገው ምን አይቶ ነው?