«ጡንቻህ አልደከመም፣ ጭንቅላትህ ነው» ለምትሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጂም የምትሠሩ ይቺን አባባል ታውቋታላችሁ፦ «ጡንቻ አይደክምም፣ የሚደክመው ጭንቅላት ነው።» አሠልጣኙ ከላይ ቆሞ ይጮሃል፣ ልጁ ከብረቱ ሥር ይንቀጠቀጣል። እዚያው ጂም ውስጥ ብትቀር ግድ አልነበረኝም። ግን ትምህርት ቤትም ገብታለች። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አርፍደሃል ተብሎ ፑሻፕ ሲሠራ አየሁ። ሃያ ምናምን ላይ ሲደርስ ክንዱ ተንቀጠቀጠና በደረቱ ወደቀ። ቀጪው «ሰነፍ! ጭንቅላትህ ነው፣ እንደገና ጀምር!» አለው። ከሰውየው ጋር በኋላ ሻይ ላይ ተከራከርን፣ ደወል ተደወለና ሳንጨርሰው ቀረ። እዚህ ልጨርሰው።

መጀመሪያ «አቃተኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንይ። አንድ ልጅ ቤንች ላይ ተኝቶ አንዴ ብቻ ማንሳት የሚችለው ትልቁ ክብደት 100 ኪሎ ነው እንበል። 80 ኪሎ ጫነ። ስምንት ጊዜ አነሳ፣ ዘጠነኛው ላይ ብረቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የልጁ ጉልበት ዜሮ ሆነ ማለት ነው? አይደለም። ሲጀምር 100 የነበረው አቅሙ አሁን ከ80 በታች ወርዷል፣ በቃ። የጠፋው ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ወዲያው፣ ሳያርፍ፣ 20 ኪሎ አውርዱለት። 60ውን ጥቂት ጊዜ ይገፋዋል። ደግሞ ያንኑ ወደ ላይ መግፋት ያቃተውን 80 ኪሎ ወደ ደረቱ ቀስ አድርጎ ማውረድ ይችላል፣ ምክንያቱም ጡንቻ እየተሳበ ሲይዝ እያጠረ ከሚገፋው የበለጠ ጉልበት አለው።

ያ ፑሻፕ የወደቀው ልጅም እንደዚሁ ነው። ፑሻፕ ላይ የምንገፋው ከክብደታችን ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ነው። 48 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በየፑሻፑ 32 ኪሎ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። የወደቀው ክንዱ 32 ኪሎ የማይገፋበት ደረጃ ላይ ስለደረሰ ነው። ጉልበቱን መሬት ላይ ቢያሳርፍ ኖሮ ጥቂት ይጨምር ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ የጠፋችው አንድ አምስተኛ የት ገባች? ትእዛዙ ከአንጎል ይነሳል፣ በህብለ ሰረሰር ይወርዳል፣ በነርቭ ጡንቻው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ጡንቻው ራሱ ይሠራል። ትእዛዙ ከላይ ሳስቶ ከመጣ ማዕከላዊ ድካም ይባላል። ትእዛዙ ሙሉ ሆኖ ደርሶ ጡንቻው መፈጸም ካቃተው ደግሞ የዳር ድካም ነው። አሠልጣኙ «ጭንቅላትህ ነው» ሲል ጥፋቱን በሙሉ ከላይ አደረገው ማለት ነው።

ደስ የሚለው ነገር ይሄ በጩኸት ሳይሆን በሙከራ የሚለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ውስጥ ሜርተን የሚባል ሐኪም የአውራ ጣትን ጡንቻ ይዞ ሞከረው። ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ጣቱን ይጫናል። በመሀል ነርቩ ላይ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጠዋል። አንጎል ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ እያዘዘው ካልሆነ ንዝረቱ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፣ በመለኪያው ላይ ትንሽ ዝላይ ትታያለች። እያዘዘው ከሆነ ግን ንዝረቱ የሚጨምረው ነገር አይኖርም። ሜርተን ያየው ሁለተኛውን ነው። ጉልበቱ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ፣ ንዝረቱ ግን ምንም አልጨመረም። ከዚያ የደም ግፊት ስንለካ ክንድ ላይ እንደምንጠመጥመው ያለ ማሰሪያ ነፍቶ ደም ወደ እጁ እንዳይሄድ አደረገ። ደም እስኪለቀቅ ድረስ የደከመው ጡንቻ አላገገመም። የሜርተን መደምደሚያ፦ ድካሙ ጡንቻው ውስጥ ነው።

ታዲያ ጡንቻው ውስጥ ምን ተፈጠረ? «ላክቲክ አሲድ» የሚለውን መልስ ሁላችንም ከክፍል ይዘነው ወጥተናል። ይሄ መልስ ከመቶ ዓመት በፊት በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ከተደረጉ ሙከራዎች የመጣ ነው፣ ዕድሜው ለጡረታ ደርሷል። አንድ ማስረጃ ብቻ ልስጣችሁ። ማክአርድል የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ የተከማቸውን ስኳር መስበር አይችሉም። ስለዚህ ከባድ ሥራ ሲሠሩ እንደ እኛ ላክቲክ አሲድ አያመርቱም። ጥፋተኛው እሱ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች የማይደክሙ ጀግኖች ይሆኑ ነበር። እነሱ ግን ከማንም በፊት ነው የሚደክሙት። አሲድነት ምንም አያደርግም አልልም፣ የሚያቃጥለው ስሜት ውስጥ ድርሻ አለው፣ ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲደመርም ጡንቻን ያዳክማል። ዋናው ተከሳሽ ግን ሌላ ነው።

«ኃይሉ አለቀ» የሚለውም አይሆንም። ጡንቻ የሚነዳው ኤቲፒ በሚባለው ነው። ኤቲፒ በእውነት ቢያልቅ ጡንቻ ላላ ብሎ አይወድቅም፣ ይደርቃል። ሬሳ የሚደርቀው ለዚህ ነው። የወደቀው ልጅ ክንድ ግን ልፍስፍስ ያለ እንጂ የደረቀ አልነበረም።

ብዙ ማስረጃ ያለው መልስ ይሄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጡንቻው ኤቲፒውን ቶሎ ቶሎ የሚተካው ክሬቲን ፎስፌት ከሚባል መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያው ሲሰበር ፎስፌቱ ተፈትቶ ጡንቻው ውስጥ ይጠራቀማል። ይሄ ፎስፌት ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ እየተያያዙ የሚሳቡት የጡንቻ ክሮች አያያዛቸው ይደክማል። ሁለተኛ፣ ክሮቹን «ተነሱ» የሚላቸው ካልሲየም ከማከማቻው የሚለቀቀው እያነሰ ይሄዳል፣ የተለቀቀውም እንደ ድሮው አይሰማቸውም። ስለዚህ ነርቩ እየጮኸ፣ ትእዛዙም ደርሶ፣ ክሮቹ በግማሽ ልብ ይሠራሉ። ጥቂት ደቂቃ ስታርፉ ክሬቲን ፎስፌቱ ተመልሶ ይገጠማል፣ የተፈታው ፎስፌት ይቀንሳል። ብረት የሚያነሱ ሰዎች በዙር መካከል ሦስት ደቂቃ አካባቢ የሚያርፉት በዚህ ምክንያት ነው፣ ብዙዎቹ ምክንያቱን ባያውቁትም።

እዚህ ላይ «አበቃ፣ ጭንቅላት የለበትም» ብል አሠልጣኙ የሠራውን ስህተት ገልብጬ መድገሜ ነው። ከሜርተን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይ አውስትራሊያ ሲድኒ ያሉት እነ ጋንዴቪያ፣ ንዝረቱን በተሻለ መሣሪያ፣ በትልልቅ ጡንቻዎች ላይ ደገሙት። ሰው ክንዱን አጥፎ ያለ ዕረፍት ሁለት ደቂቃ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስብ፣ መጨረሻ አካባቢ ንዝረቱ ትንሽ ጉልበት መጨመር ይጀምራል። ማግኔት ከራስ ቅል በላይ ይዘው አንጎልን በቀጥታ ሲያነቃቁም እንዲሁ ይጨምራል። ማለትም ከላይም የቀረ ነገር አለ። ድርሻው ከጠፋው ጉልበት ሩብ ያህል ይሆናል። ሦስት አራተኛው ጡንቻው ላይ ነው።

ያቺ ሩብ ደግሞ ስንፍና አይደለችም፣ ይሄን አስምሩልኝ። ጡንቻ ውስጥ እዚያ የሚጠራቀመውን ኬሚካል የሚያሸቱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ጡንቻው ሲበከል ወደ ላይ መልእክት ይልካሉ፣ ከላይ የሚመጣውም ትእዛዝ ይቀንሳል። ይሄ የታወቀው በዚያው በማሰሪያው ዘዴ ነው። ሰውየው ሥራውን ካቆመ በኋላ ማሰሪያው እንደተነፋ ከቆየ፣ ማለትም ቆሻሻው ሳይታጠብ እዚያው ከቀረ፣ ትእዛዙም እንደሳሳ ይቆያል። ማሰሪያው ሲለቀቅና ደም ሲመለስ ትእዛዙ ቶሎ ያገግማል። እንግዲህ ጭንቅላቱን ያደከመው ማን ሆነ? ጡንቻው። ሁለቱን እንደ ሁለት ተጋጣሚ ቡድን መቁጠር ለዚህ ነው የማይመቸኝ።

ጩኸት አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል። ሰው ሲበረታታ ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ያወጣል፣ ላቦራቶሪ ውስጥም ሆን ብለው የሚያበረታቱት ለዚህ ነው። ግን የሚያተርፈው ከዚያች ሩብ ውስጥ ነው። ፎስፌትን በጩኸት ማጠብ አይቻልም።

ሥራው ረዝሞ በቀለለ ቁጥር ደግሞ የላይኛው ድርሻ ያድጋል። 80 ኪሎን ስምንት ጊዜ ከማንሳት ይልቅ 30 ኪሎን ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ማንሳት ጭንቅላትን ይበልጥ ያስቸግራል። ፑሻፕ መሀል ላይ ነው፦ ለጠንካራ ልጅ ረጅምና ቀላል ነው፣ ለደካማው አጭርና ከባድ ነው። አንድ ረድፍ ላይ የወደቁ ሁለት ልጆች በተለያየ ምክንያት ሊወድቁ ይችላሉ።

አሁን የስፖርት መምህራን የሚጠይቁኝ ጥያቄ፦ «ታዲያ የምር ያቃተውን ካስመሰለው በምን ልለይ? ኤሌክትሪክ የለኝ!» ፍጥነቱን እዩ። በእውነት አቅሙ እያለቀ ያለ ሰው ቶሎ ለመግፋት እየሞከረም የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ እየዘገዩ፣ እየዘገዩ ይሄዳሉ፣ ከዚያ መሀል ላይ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው አስቸጋሪው ቦታ ላይ፣ ይቆማል። የመጨረሻውን እንደ ሦስተኛው ፈጠን አድርጎ ሠርቶ ከላይ ሆኖ «በቃኝ» ያለው ልጅ ግን ጡንቻውም ትእዛዙም አልከዱትም፣ ማቆም ነው የፈለገው። ስላቃጠለው፣ ስላፈረ፣ ወይም ስለሰለቸው ሊሆን ይችላል። እሱን አበረታቱት። የተንቀጠቀጠውንና መሀል ላይ የወደቀውን ግን «ሰነፍ» ማለት ነዳጅ የጨረሰን መኪና ሹፌሩን እንደመሳደብ ነው። (ነዳጅ አላለቀም ብያለሁ፣ አውቃለሁ፣ ምሳሌ ነው 😄)

ብቻችሁን ቤንች ለምትሠሩ፦ የሚይዝላችሁ ሰው ሳይኖር እስከ መጨረሻው አትሂዱ። ብረቱ መሀል ላይ ሲቆም «ጭንቅላቴ ነው» ብላችሁ የምትገፉበት ሰዓት ጉልበታችሁ በየሰከንዱ እየወረደ ያለበት ሰዓት ነው፣ ብረቱም ደረታችሁ ላይ ወይም አንገታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። በሁለተኛው ዙር ያለፈው ዘጠነኛ ላይ ካቆማችሁ ሰባት ላይ አቁሙ፣ ወይም የመጨረሻዋ በግልጽ ስትዘገይ።

በፑሻፕ ለምትቀጡ ደግሞ አንድ ነገር። ያልለመደ ልጅ ከወደቀ በኋላ በግድ ደጋግሞ ሲሠራ የጡንቻ ሕዋሶቹ ሊሰባበሩና ይዘታቸው ወደ ደም ሊገባ ይችላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቱ በቀጣዩ ቀን ወይም በሁለተኛው ይመጣል፦ ክንዱ ያብጣል፣ ሕመሙ ከተለመደው የጡንቻ ሕመም ይብሳል፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ይጠቁራል። ይሄን ያየ ቤት ውስጥ አይጠብቅ፣ ያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ።