ሁለት እጅ ለመቀባት ስንት ቆርቆሮ?

ረመዳን ሲቃረብ ሳሎናችንን ቀለም መቀባት እናስባለን። ቀለም ሻጩ የክፍሉን ስፋት ሲጠይቀን ‹‹አራት በሦስት ነው›› እንላለን። ይህ ግን የወለሉ ልክ ነው፤ የሚቀባው ግድግዳው ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን እንለካ። የአራቱ ግድግዳዎች ርዝመት ሲደመር 14 ሜትር ነው። ከፍታው 2.80 ሜትር ከሆነ፣ ሲባዛ 39.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። የበሩንና የመስኮቱን 3.2 ካሬ ሜትር ስንቀንስ 36 ይቀራል።

ቆርቆሮው ላይ 1 ሊትር 10 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ተጽፏል እንበል። 36ን ለ10 አካፍለን 3.6 ሊትር ስናገኝ፣ ባለ 4 ሊትር አንድ ቆርቆሮ ገዝተን ደስ ብሎን እንመለሳለን። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አንድ እጅ ብቻ ነው። ሁለት እጅ 7.2 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ቆርቆሮ ይፈልጋል።

ግድግዳው አዲስ ልስን ከሆነስ? ውሃ ረጨት አድርገን እንየው። ወዲያው ሰርጎ ከጠፋ ቀለሙንም እንዲሁ ይጠጣል። የመጀመሪያው እጅ በሊትር 8 ካሬ ሜትር ብቻ ቢሸፍን 4.5 ሊትር ይወስዳል። ከሁለተኛው እጅ 3.6 ጋር 8.1 ሊትር ሆነ፤ ሁለቱ ቆርቆሮ በጥቂቱ አልበቃም ማለት ነው። ያችን ጉድለት ለመሙላት በሌላ ቀን የምናስበጠብጠው ቀለም ከቀድሞው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ግድግዳው ላይም ልዩነቱ ይታያል። ስለዚህ 1 ሊትር ጨምረን ሁሉንም በአንድ ቀን እንገዛለን፤ ለሁለተኛው እጅ የቀረውንም በአንድ ባልዲ ደባልቀን እንቀባለን።